ፓስወርዱ ልክ ሆኖ ለምን አላስገባም ይላል?

ጥያቄ፦ «ሻርጃ ከመጣሁ ሁለት ሳምንቴ ነው፣ ፓስወርዴን በትክክል እያስገባሁ ኢሜይሌ ሶስቴ ቆለፈብኝ። ኮድ የሚልከው ደሞ አገር ቤት ባለው ሲሜ ነው። ለምንድነው እንዲህ የሚያደርገው? ምን ላድርግ?»

እህቴ አይዞሽ፣ የኔም ታናሽ እህት ላይ አምና ይሄው ነው የደረሰው። እኔ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስር ትንሽ የሞባይል ጥገና አለችኝ፣ ለሰው ስንቱን እየከፈትኩ የገዛ እህቴ ስትቆለፍ ሁለት ቀን ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲስተሙ የሚያየው አንቺን ሳይሆን ምልክቶችሽን ነው። አንዱ አይፒ አድራሻሽ ነው፣ ከየት አገር እንደገባሽ ይነግረዋል። ሌላው ስልክሽ ነው፣ አንዴ የገባሽበት ስልክ ላይ ኩኪ የሚባል ምልክት ይተዋል፣ ነገ ስትመለሺ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ይላል። አገር ብቻ ሲቀየርና ስልኩ ያው ሲሆን ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ጠይቆ ያሳልፍሻል። አገሩም ስልኩም ባንዴ ሲቀየር ግን ፓስወርድሽን የሰረቀ ሌባ ልክ እንዳንቺ ነው የሚመስለው፣ ምክንያቱም እሱም የሚመጣው ትክክለኛ ፓስወርድ ይዞ በማያውቁት ስልክ ከሩቅ አገር ነው።

እህቴ ስልኳን ለእናቴ ትታ ሄደች፣ እዛ አዲስ ገዛች። በዋትስአፕ መደወል እዛ ስለሚከለከል ጓደኞቿ ነጻ ቪፒኤን ጫኑላት፣ ከሌላ አገር የገባሽ የሚያስመስል አፕ ነው። ከዛ ማታ 2 ሰዓት ላይ ኢሜይሏን ከኤምሬትስ ሞከረች፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቪፒኤኑ በርቶ ከጀርመን፣ ትንሽ ቆይቶ ደሞ ከሲንጋፖር። ከቦሌ ዱባይ እንኳን በአውሮፕላን 4 ሰዓት ገደማ ነው፣ በሃያ ደቂቃ ጀርመን የሚደርስ ሰው የለም፣ ስለዚህ ቆለፈው።

ኮዱስ? ሲሙ እናቴ ቁምሳጥን ውስጥ ባትሪው የሞተ ባለቁልፍ ስልክ ላይ ነው ያለው፣ የዛን ቀን ደሞ መብራት የለም። ስልኩን ሱቄ አምጥቼ በጄኔሬተር ቻርጅ አደረግኩት፣ ኮዱ መጣ፣ እኔ ቁጥሩን እያነበብኩላት እህቴ «ድጋሚ ላክ» ነክታ ኖሯል። ድጋሚ ስታስልኪ ብዙ ጊዜ የፊተኛው ኮድ ይሞታል፣ እኛ የሞተውን እያነበብን እሷ የሞተውን እያስገባች «ብዙ ሞክረሻል» ተባለችና አረፈችው።

መጨረሻ ላይ የከፈትነው ካዛ አይደለም፣ ከዚህ ነው። ለእናቴ የተወችው ስልክ ሪሴት ስላልተደረገ አካውንቱ ውስጡ ገብቶ ነበር። ሁለት ቀን ማንም እንዳይነካው ካልኩ በኋላ እናቴ ቤት ሄጄ፣ እሷ መስመር ላይ ሆና ፓስወርዱን እየነገረችኝ፣ በዛው ስልክ ሴቲንግ ገብቼ የኤምሬትስ ቁጥሯን ጨመርኩላት። የድሮውን ቁጥር ግን አላጠፋሁም፣ አንዳንዱ አገልግሎት አዲስ ቁጥር ወዲያው አያምንም፣ ቀናት ያስጠብቃል።

ሲከፈትልሽ መጀመሪያ የምታደርጊው ከሲሙ መላቀቅ ነው። ጂሜይል ከሆነ 2-Step Verification አብርተሽ Backup codes የሚለውን ክፈቺ፣ 10 ኮድ ይሰጥሻል፣ እያንዳንዱ 8 አሃዝ ነው፣ አንዱ አንዴ ብቻ ይሰራል። ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ስልክሽ ላይ ፎቶ አንስተሽ አትተይው፣ ስልኩ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። ፓስፖርት ውስጥም አታድርጊው፣ ፓስፖርቱን አሰሪ የሚይዝባቸው ስንቶች ናቸው፣ ልብስሽ መሀል ይሻላል። ሌላው ኦተንቲኬተር አፕ ነው፣ ሲምም ኢንተርኔትም ሳይፈልግ በየ30 ሰከንዱ 6 አሃዝ ያወጣል። ኮዱን የሚያሰላው ከስልኩ ሰዓት ነው፣ ዱባይ ከኛ በ1 ሰዓት ስለሚቀድም ሰዓታቸውን በእጅ ወደፊት የሚገፉ አሉ፣ ከዛ ኮዱ ሁሉ «ስህተት» ይላቸዋል። ሰዓቱን አውቶማቲክ ላይ አድርጊው፣ የአገሩን ሰዓት ራሱ ይይዛል።

ቪፒኤኑን ለመደወል ታበሪው እንደሆን አላውቅም፣ ግን በርቶ ሳለ አካውንት አትክፈቺ። ሲሙንም ቤት ያሉት በየጊዜው ካርድ ይሙሉበት ይደውሉበት፣ ዝም ካለ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ያኔ ኮድሽ የሚደርሰው ለማታውቂው ሰው ነው። ኮድ የምታስነብቢው ደሞ አንቺ ራስሽ ለደወልሽለት የቤትሽ ሰው ብቻ፣ «ከካምፓኒው ነው» ብሎ ለደወለ ሰው በጭራሽ።

አሁን ለጊዜው መሞከሩን አቁሚ፣ በሞከርሽ ቁጥር መቆለፉ ሊረዝም ይችላል። ድሮ ትጠቀሚበት የነበረው ስልክ ቤት አለ ወይስ ሸጥሽው? ካለ አካውንቱ ገብቶ እንደሆነ እንዲያዩልሽ አድርጊና እዚሁ ጻፊልኝ።