የሥራ ልምድ ሠንጠረዥ አሞላል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሲቪዬ ሁለት ገጽ ነው፤ ሁሉም ነገር አለበት። ፎርሙ ላይ «ከተያያዘው ሲቪ ይመልከቱ» ብዬ ባልፍስ?

መልስ፦ እንዳታደርገው። ለመንግሥት ቅጥር ማጣሪያ ላይ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። አጣሪው ፊት ያለው የመስፈርት ዝርዝሩና ፎርሙ ነው። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ «አልተሞላም» ብሎ ያልፋል። ሲቪህን ገልጦ የሚፈልግልህ ሰው ይኖራል ብለህ አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ፎርም እንዴት ነው የሚሞላው?

መልስ፦ የትኛው ፎርም? የትኛው ሳጥን? ማስታወቂያውን ይዘህ ና።

ጥያቄ፦ የሠራሁት አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው፤ በመሃል ግን አድጌአለሁ። ሲቪዬ ላይ «የግዢ ባለሙያ፣ 2010–2016» ብዬ በአንድ መስመር ጽፌዋለሁ። ማስታወቂያው በከፍተኛ የግዢ ባለሙያነት 3 ዓመት ይላል። ይበቃኛል?

መልስ፦ ደብዳቤዎችሽ ምን ይላሉ? ቀኑን ከነወሩ ንገሪኝ።

ጠያቂዋ፦ መስከረም 1 ቀን 2010 በጀማሪነት ተቀጠርኩ። ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ ከፍተኛ ባለሙያ ሆንኩ። የለቀቅኩት ሰኔ 30 ቀን 2016 ነው።

መልስ፦ ይበቃሻል፤ በአንድ መስመር ከጻፍሽው ግን ማንም አያውቅልሽም። ሁለት መስመር አድርጊው። የመጀመሪያው ጀማሪ የግዢ ባለሙያ፣ ከመስከረም 2010 እስከ ታኅሣሥ 2013፤ 3 ዓመት ከ4 ወር። ሁለተኛው ከፍተኛ የግዢ ባለሙያ፣ ከጥር 2013 እስከ ሰኔ 2016፤ 3 ዓመት ከ6 ወር። መሥሪያ ቤቱ አንድ ቢሆንም ስሙን ሁለቴ ጻፊ። አጣሪው የሚቆጥረው በመደብ ነው። «2010–2016» ሲያይ ከዚያ ውስጥ ስንቱ በከፍተኛነት እንደሆነ ሊገምትልሽ አይችልም።

ቀጥሎ የሥራ ዝርዝሩ። ሲቪሽ ላይ ምን ብለሽዋል?

ጠያቂዋ፦ «የመሥሪያ ቤቱን የግዢ ሂደት በከፍተኛ ብቃት የመራሁ»።

መልስ፦ ለፎርም አይሆንም። ማስታወቂያሽ ምን ሥራ ይጠቅሳል? የጨረታ ሰነድ ዝግጅትና የውል አስተዳደር ከሆነ፣ በእውነት የሠራሽውን በእነዚሁ ቃላት ጻፊ፦ «የጨረታ ሰነድ አዘጋጅቻለሁ። በጨረታ ግምገማ ኮሚቴ በአባልነት ሠርቻለሁ። የውል አፈጻጸም ተከታትያለሁ፤ የርክክብ ሰነድ አረጋግጫለሁ።» አጣሪው የግዢ ሰው ላይሆን ይችላል። «ብቃት» የሚል ቃል የትኛውን መስፈርት እንደሚያሟላ አያውቅም፤ «የጨረታ ሰነድ» የሚለውን ግን ከዝርዝሩ ጋር ያስተያየዋል።

አንድ አባል፦ በቃ የማስታወቂያውን የሥራ ዝርዝር እንዳለ መገልበጥ ነዋ! እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። ቃሉን ውሰድ፣ ያልሠራኸውን ግን አትውሰድ። ቃለ መጠይቅ ላይ «የመጨረሻው የጨረታ ሰነድህ ስለምን ነበር?» ሲሉህ መልስ ሊኖርህ ይገባል። የፎርሙም ቃል ከልምድ ደብዳቤህ ጋር መጋጨት የለበትም።

ጥያቄ፦ ዓመቱን ብቻ ብጽፍስ?

መልስ፦ ከላይ ብያለሁ። ወሩን ጻፍ። «2013–2016» ብትል ጥብቅ አጣሪ ከ2013 መጨረሻ እስከ 2016 መጀመሪያ ሊይዝልህ ይችላል። ያ 2 ዓመት ነው።

ሌላ አባል፦ እኔ ጎን ለጎን በግማሽ ቀን አስተምር ነበር። እንደ ሙሉ ሞላሁት፣ ተቀበሉኝ።

ሦስተኛ አባል፦ ዕድል ነው እንጂ! በሳምንት 20 ሰዓት ከ40 ሰዓት ግማሽ ነው። ሁለት ዓመትህ አንድ ዓመት ይሆናል።

ሌላ አባል፦ ታዲያ ደብዳቤው ላይ ሁለት ዓመት ይላል እኮ!

መልስ፦ ተረጋጉ። በግማሽ የሚቆጥር አለ፣ ጭራሽ የማይቆጥርም አለ። ፎርሙ ባይጠይቅህም የሳምንት ሰዓቱን ጻፍ። ሁለቱን ሥራ በተመሳሳይ ወራት ከሠራህ ደግሞ ጊዜውን ደምረህ ድምር ሳጥን ውስጥ አታስገባ።

ሌላ አባል፦ አሁንም አልተዋጠልኝም።

ጥያቄ፦ ፎቶ ልለጥፍ?

መልስ፦ ከጠየቁ።

ጥያቄ፦ ኦንላይን ፎርም ላይ ከወርድ ገልብጬ ስለጥፍ ነጥቦቹ የጥያቄ ምልክት ሆኑ፣ መጨረሻውም ተቆረጠ። ሲቪዬን በፒዲኤፍ ባያይዝ አይሻልም?

መልስ፦ የጠየቁት ሳጥኑን ነው፤ ፒዲኤፉ አይተካውም። መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ለጥፈው፣ ጌጡ ይረግፋል። ከዚያ በነጥብ ፋንታ በአራት ነጥብ የሚዘጉ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አድርገው። የፊደል ገደቡ ባዶ ቦታንም ሊቆጥር ስለሚችል ትንሽ ትርፍ ተው። ማስታወቂያው የጠቀሰውን ሥራ ከላይ አስቀምጥ፤ የሚቆረጠው ሁሌም ከታች ነው። ከመላክህ በፊት የተቀመጠውን ቅጂ ከፍተህ እስከ መጨረሻው ቃል አንብበው።