ሌንሱን ተወውና ስልክህን አውጣ

«ባዮሎጂ ተመርቄ ዝዋይ ቤተሰብ ጋ ነኝ። የወፍ አስጎብኚ ወይም የመስክ ቆጠራ ረዳት መሆን እፈልጋለሁ። ለረዳትነት ስወዳደር የላክሁት የዋኔ ፎቶ ‹ዝርያዋ አይለይም› ተብሎ ተመለሰ። ፎቶውን አያይዣለሁ። ወንድሜ ከሳውዲ ለትልቅ ሌንስ ገንዘብ ሊልክልኝ ነው። አባቴ ግን ‹ያስተማርኩህ ወፍ ጠባቂ እንድትሆን ነው?› ይላሉ። የመምህርነት ቦታም ተገኝቶልኛል። ምን ይሻለኛል?»

ሌንሱ አይገዛ። ወንድምህ እዚያ ፀሐይ ላይ ያገኘውን ብር ለማያስፈልግህ መስታወት አታውጣው።

ፎቶህ ደህና ነው። ማጅራቷ ላይ ጥቁር ግማሽ ቀለበት ያላት ዋኔ፣ ጥላ ውስጥ ተቀምጣለች። ችግሩ እንዲህ ዓይነት ቀለበት ያላቸው ዋኔዎች ብዙ መሆናቸው ነው። ዋናው መለያ ዓይን ነው። ሬድ አይድ ዶቭ ዓይኗ ቀይ ነው። ሪንግ ኔክድ ዶቭ ጥቁር ነው። አፍሪካን ሞርኒንግ ዶቭ ደግሞ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ዙሪያውን ቀይ ቆዳ አለው። ጥላ ውስጥ ግን የሁሉም ዓይን ጥቁር ይመስላል። በትልቅ ሌንስ ብታነሳት ኖሮ ያው ጥቁሩ ዓይን ጎልቶ ይታይህና በልበ ሙሉነት ትሳሳት ነበር።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቅህ ድምጿን ነው። ሬድ አይድ ዶቭ ስድስት ምት አላት፤ «ኩ-ኩ፣ ኩ-ኩ-ኩ-ኩ» ብላ ታቆምና እንደገና ትጀምራለች። ሪንግ ኔክድ ሦስት ናት፤ «ኩ-ኩርር-ኩ»፣ መሃሉን ጫን ብላ ሳትታክት ትደጋግማለች። ሞርኒንግ ዶቭ «ኩርርርርር» ብላ እየተንከባለለች ወደ ታች ትወርዳለች። ዋኔ ድምጿን ከሌላ አትማርም፣ አብሯት የሚወለድ ነው። ስለዚህ ሰፈር ቢቀየር ምቱ አይቀየርም። በልጅነትህ ሦስቱንም ሰምተሃቸዋል፤ ያልለየሃቸው ምቱን ቆጥረህ ስለማታውቅ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። አንድ ዛፍ ላይ ሁለት ዓይነት ዋኔ ሊቀመጥ ይችላል፤ የቀዳኸው ድምፅ የጎረቤቷ ሊሆን ይችላል። ዋኔ ስትጮህ አፏን አትከፍትም፣ ጉሮሮዋ ይነፋል። ስለዚህ «ከድምፁ ጋር ጉሮሮዋ ሲነፋ አይቻለሁ» ወይም «አላየሁም» ብለህ ጻፍ። የዚህች አንድ መስመር ዋጋ ከአሥር ፎቶ ይበልጣል። አቀዳዱ ቀላል ነው። ጠዋት በማለዳ ስልክህን ወደ ወፏ አዙረህ ግማሽ ደቂቃ ዝም በል። መጨረሻ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በራስህ ድምፅ ተናገር።

ቦታ ሁለተኛ ይመጣል። «ዝዋይ» ስትለኝ ጋምቤላ በኩል ያለችውን ቫይኔሸስ ዶቭን አወጣታለሁ፤ አዲስ አበባ የለመድናትን ደጋ ወዳድ ደስኪ ተርትል ዶቭንም ወደ ጎን አደርጋለሁ። እሷማ ቀለበትም የላት፣ አንገቷ ግራና ቀኝ ጥቁር እድፍ ብቻ። ሦስቱ ግን ይቀራሉ። «ሐይቁ ዳር፣ ትልቅ ሾላ ላይ» ብትለኝ ወደ ሬድ አይድ አደላለሁ። «ከከተማው ውጭ፣ ደረቅ ግራር ውስጥ» ብትለኝ ወደ ሪንግ ኔክድ። ማድላት ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ዝዋይ ዳር ሦስቱም ይገናኛሉና።

ወቅት ለዋኔህ ብዙ አይረዳም፣ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናት። ለንስር ግን ወሳኝ ነው። ስቴፕ ኢግል ከሩሲያና ከካዛክስታን በኩል መጥታ በጋውን እኛ ጋ ታሳልፋለች። እሷን የምትመስለው ቶኒ ኢግል ነዋሪ ናት። ክረምት ላይ ቡናማ ንስር ካየህ መጀመሪያ ቶኒን ጠርጥር። እዚህ ላይ እኔም ወድቄያለሁ። ማስታወሻዬ ላይ «10/11» ብዬ ጻፍኩ፤ ሐምሌ 10 ማለቴ ነበር። መዝጋቢው ኖቬምበር 10 አድርጎ አስገባው፣ ንስሯም ያለ ጥያቄ ስቴፕ ሆነች። ወሩን በስሙ ጻፍ። «3 ሰዓት» ስትልም የጠዋቱ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ጨምር፤ ፈረንጁ ሌሊት 9 ሰዓት አድርጎ ያነበዋል።

አባትህ «ወፍ ጠባቂ» በማለታቸው ቢሳሳቱም ስለ ገንዘቡ ልክ ናቸው። ቱሪስት በብዛት የሚመጣው በበጋ ነው፣ ክረምት ላይ ኪስህ ባዶ ነው። መምህርነቱን ያዘው። እኔ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ወፍ የለየሁት ቅዳሜና እሁድ፣ ያለ ካሜራ ነው። የረዳትነት ማመልከቻህን በሌላ ፎቶ አትሙላው። ያችኑ ዋኔ ተመልሰህ ፈልጋት፣ ከግማሽ ደቂቃ ድምፅ ጋር አድርገህ ላካት።