ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ላይ ሰው አውጡ (አዲስ አበባ የሚከራይ ፎቅ ላላችሁ)

ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ጂ ፕላስ 2 ወይ ጂ ፕላስ 3 ሰርታችሁ አከራይታችሁ ውጪ የምትኖሩ ብዙ ናችሁ፣ ይሄን የምፅፈው ለናንተ ነው። ሐምሌና ነሐሴ በመጣ ቁጥር ስልክ ይደወላል፣ ኮርኒሱ ወረደ፣ የታችኛው ቤት ሽንት ቤት ወደላይ መለሰ፣ ቶሎ ብር ላክ ይባላል። በዛ ሰዓት የሚላክ ብር ደሞ ሁሌም ብዙ ነው፣ ዝናብ እየወረደ ጣሪያ የሚወጣ ሰራተኛ የፈለገውን ነው የሚጠይቀው፣ እናንተም ከሩቅ ሆናችሁ መከራከሪያ የላችሁም፣ የተሰራውም ነገር እርጥብ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ ለሚቀጥለው ዓመት አይደርስም። ስለዚ ፕሮግራም ስታወጡ ክረምቱን መሀል ላይ አስቀምጡትና ሌላውን በሱ ዙሪያ አውጡ፣ እንደዚህ ዓይነት ቤት ላይ ትልቁን ወጪ የሚያመጣው ውሃ ነውና።

ከጣሪያው እንጀምር። አዲስ አበባ ያለው አብዛኛው አነስተኛ ፎቅ ከመንገድ ስታዩት ጣሪያ የለውም፣ ዙሪያውን ግንብ ፓራፔት አለው፣ ቆርቆሮው ከዛ ጀርባ ተደብቋል፣ አሸንዳውም በቆርቆሮውና በፓራፔቱ መሀል ነው የተቀበረው። ለዓይን ያምራል ግን ችግር አለው። ተራ ጣሪያ ላይ አሸንዳ ቢዘጋ ውሃው ወደ ውጪ ይፈሳል፣ እዚህ ግን ፓራፔቱ ስለሚገድበው የሚሄድበት ቦታ የለውም፣ ተጠራቅሞ ቆርቆሮው ስር ይገባና ኮርኒስ ላይ ይወርዳል። የሚዘጋው ደሞ በቀላል ነገር ነው፣ የባህርዛፍ ቅጠል፣ ነፋስ ያመጣው ፌስታል፣ የወፍ ጎጆ፣ ሠራተኛ ጥሎት የሄደ ሲሚንቶ። በረዶ ሲጥል ደሞ በረዶው ራሱ ቅጠሉ ላይ ተከምሮ የመውረጃውን አፍ ይደፍናል።

አንድ የማውቀው ወንድማችን ጂ ፕላስ 3 አለው፣ ስድስት ተከራይ። አራት ማዕዘን ላይ አራት መውረጃ ቱቦ አለ፣ ከኋላ ያለው አንዱ ተዘግቶ ነበር። ነሐሴ ላይ አንድ ማታ ከባድ ዝናብ ዘነበ፣ ውሃው የላይኛውን ቤት ጂፕሰም ኮርኒስ አወረደ፣ ከዛ በመብራት ቱቦው ውስጥ ተንሸራቶ የብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ቤቱ ሲፈተሽ ጥፋቱ ቱቦው አፍ ላይ የተቀረቀረ አንድ እፍኝ ቅጠልና ፌስታል ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሰው ግማሽ ቀን የሚያፀዳው ነገር ኮርኒስ፣ ቀለም፣ ኤሌክትሪሺያን፣ አዲስ ብሬከር አስወጣው፣ ተከራዩም ለቆ ሄደ፣ ቤቱም እስኪጠገን ባዶ ቆመ።

ስለዚ ግንቦት ከማለቁ በፊት አሸንዳው ይፀዳ። ሰርተናል ብለው ፎቶ ሲልኩላችሁ በፎቶ እንዳትረኩ፣ ንፁህ አሸንዳ ፎቶ ላይ ንፁህ ነው፣ የተዘጋው ግን ቱቦው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ቪዲዮ ጠይቁ፣ አንዱ ሰው ላይ ሆኖ መውረጃው አፍ ላይ ባልዲ ውሃ ይድፋ፣ ሌላው ታች ቆሞ ውሃው ሲወጣ ይቅረፅ፣ ሁሉም መውረጃ አንድ በአንድ። ወዲያው ካልወጣ ወይ ደፍቶ እንደጨረሰ ረጅም ጊዜ የሚንጠባጠብ ከሆነ ውስጡ ተዘግቷል ማለት ነው። እግረ መንገዳቸውን ሚስማሩ ስር ያለውን ጎማ ያዩት፣ ፀሐይ ያደርቀውና ይሰነጠቃል፣ ዙሪያው ዝገት ካለ ውሃ እየገባ ነው። እድለኛ ከሆናችሁ የበልግ ዝናብ ቀድሞ ይፈትንላችኋል፣ በልግ ላይ ኮርኒስ ላይ ቢጫ ክብ ካያችሁ ክረምትን አትጠብቁ።

ሁለተኛው የሽንት ቤት ጉድጓዱ ነው፣ ሴፕቲክ ታንኩ። ብዙ ሰው ሲሞላ ይመጠጣል ብሎ ይተወዋል፣ ክረምት ላይ ግን መሬቱ ራሱ ውሃ ስለሚጠግብ ፍሳሹ ወደ አፈር መስረጉን ያቆማል፣ ከዛ የሚመለሰው በምድር ቤቱ ተከራይ ሽንት ቤት ነው። ምልክቱ ቀድሞ ይታያል፣ ውሃ ሲለቁበት ቶሎ አይወርድም፣ ሻወር ውስጥ ጉርጉር የሚል ድምፅ ይሰማል። ሚያዝያ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ በረጅም እንጨት ይለካ፣ ከስር የተቀመጠው ዝቃጭ የታንኩን ጥልቀት አንድ ሦስተኛ ከደረሰ አስመጥጡ፣ መኪናውም ያኔ በቀላሉ ይገኛል፣ ሰኔ ከገባ ግን ሁሉም ሰው ነው የሚደውለው። አንድ ነገር አደራ፣ ማንም ሰው ጉድጓዱ ውስጥ እንዳይገባ፣ የወደቀ ነገር ላውጣ ቢልም እንኳን። ውስጡ ያለው ጋዝ በደቂቃ ሰው ይገድላል፣ ላድነው ብሎ የገባውንም ይጨምራል። ይሄን ለዘበኛውም ለሠራተኛውም ራሳችሁ ደውላችሁ ንገሩ።

ሦስተኛው ፓምፕ ነው፣ ይሄ ከክረምቱ ጋር አይገናኝም፣ ችግሩ ውሃ በፈረቃ መምጣቱ ነው። ከመሬት ያለው ታንከር ባዶ ሆኖ ፓምፑ ከሠራ ያለ ውሃ ይሞቃል፣ መጀመሪያ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ሲል ይበላል፣ ቀጥሎ ሞተሩ ይቃጠላል። መድሀኒቱ ታችኛው ታንከር ውስጥ የሚገባ፣ ውሃ ሲያልቅ መብራቱን የሚያጠፋ ፍሎት ስዊች ነው፣ ከፓምፑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ካላችሁም በየሦስት ወሩ ፓምፑ እየሠራ ፍሎቱን በእጅ ወደታች ይልቀቁትና መጥፋቱን ያረጋግጡ። ማንም ውሃ ሳይከፍት ፓምፑ ማታ ማታ ቶሎ ቶሎ የሚነሳ ከሆነ ደሞ የሆነ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሽንት ቤት ሳጥን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጨምረው ሳይለቁ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፣ ቀለሙ ታች ከታየ ጎማው ይቀየር። ሮቶዎቹንም ጥር ላይ አሳጥቡ፣ ደረቅ ወር ነው፣ ጣሪያውም አያዳልጥም።

ክረምቱ ሲወጣ ወዲያው ቀለም እንዳትቀቡ። ግድግዳው ገና እርጥብ ነው፣ መስከረም ላይ የተቀባ ቀለም ይላላጣል። ጥቅምት መጨረሻ ወይ ህዳር ይሁን፣ ስንጥቁም ያኔ ይደፈን። እስከዛው ግን መስከረም ላይ አንድ ሰው ሁሉንም ቤት ዞሮ የረጠበውን ቦታ በቪዲዮ ይያዝላችሁ፣ ህዳር ላይ ሲደርቅ የትኛው እንደነበር ማንም አያስታውስም።

ብሩን በተመለከተ፣ ከ12 ወር ኪራይ የአንዱን ወር ለጥገና ብቻ በተለየ አካውንት አስቀምጡ፣ ቤቱ ካረጀ ጨምሩበት። ቤቱን ከሚያይላችሁ ወንድም ወይ እህት ጋር የሚያቃቅረውም ይሄ ስለሆነ በግልፅ ተነጋገሩ፣ እስከዚህ ድረስ ሳትጠይቀኝ አውጣ፣ ከዛ በላይ ደውልልኝ በሉት፣ ደረሰኙንና ቪዲዮውን በቴሌግራም አንድ ግሩፕ ላይ ያስቀምጥ። ለሱም የልፋቱን ክፈሉት። ሚያዝያ 1 ላይ ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉና ቀድማችሁ እናንተ ደውሉለት።