ጠርሙስ ላይ የተጠማዘዘ ጽሑፍ እንዴት ይነበባል?

«ጋሼ፣ ሸዋሮቢት ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። አንድ ገበሬ የፀረ አረም ጠርሙስ አምጥቶ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ በትልቁ ጽፈህ አውጣልኝ አለኝ። ፎቶ ሳነሳው መሃሉ ይነበባል፣ ዳርና ዳሩ ግን ይጨፈለቃል፣ ግማሽ ቃልም ይጠፋል። የሱቅ መስታወት ላይ ያለ ጽሑፍም በጎን ሳነሳው እንደዚያው ነው። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ጠርሙሱ እጅህ ላይ ካለ ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ፎቶ አይበቃህም፣ ስድስት አንሳ።

አንድ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ወገቡ ዙሪያውን 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፊት ለፊት ስታየው በደንብ የሚነበበው መሃል ያለው 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ፊደሉ ይጠብባል። ከመሃል እስከ ጠርዝ ካለው ዙር ሁለት ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ወርዱ በግማሽ ይቀንሳል። ቁመቱ ግን አይነካም። የኛ ፊደል የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። «ቡ» እና «ቢ»ን ከ«በ» የሚለያቸው በቀኝ በኩል የወጣች ትንሽ ጭረት ናት። ወርዱ ሲጨፈለቅ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። «ባ» ግን አንድ እግሩ ስለሚረዝም ዳር ላይም ቢሆን ይታወቃል። ስለዚህ ጠርዝ ላይ «በ» ካየህ ቶሎ አትመን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወረቀት ላይ የሰዓት ፊት ሥራና ጠርሙሱን መሃሉ ላይ አቁም። ጠርሙሱ ላይ ምልክት አድርግና ምልክቱን በ12፣ በ2፣ በ4፣ በ6፣ በ8፣ በ10 ትይዩ እያደረግህ አዙር። በየዙሩ አንድ ፎቶ አንሳ። ጽሑፉ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲቀጥል ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው። ስልኩን አንድ ሜትር ያህል አርቀህ ከጽሑፉ ወገብ ጋር እኩል አድርገህ አስደግፈው፤ መቅረብ ሲያስፈልግ በዙም ቅረብ። ከላይ ወደ ታች ካነሳህ መስመሩ መሃሉ ላይ ወደ ታች ይጎብጣል። ፍላሽ አጥፋ። ብርሃኑ በመስኮት ከጎን ይምጣ። ነጭ ነጸብራቅ ቢኖርም አትጨነቅ፤ ነጸብራቁ ቦታውን አይለቅም፣ የሚዞረው ጽሑፉ ነው። በአንዱ ፎቶ የተሸፈነው ቃል በሚቀጥለው ይገለጣል። ደግሞም ይህ መርዝ የነበረበት ጠርሙስ ነው። ጓንት አድርግ፣ ምግብ የምትበላበት ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጠው።

አሁን ስትተይብ፣ ከየፎቶው መሃሉን ብቻ ውሰድ። ይህን አጥብቄ የምነግርህ እኔም ደብረ ብርሃን ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ስሠራ ልሳሳት ጫፍ ደርሼ ስለነበር ነው። አራተኛው ፎቶ ላይ በግራ ጠርዝ «ይረጩ» የሚል ቃል አየሁና ተየብኩት። ሦስተኛውን ስመለከት ያው ቃል መሃል ላይ ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል፦ «ነፋስ ባለበት ሰዓት አይረጩ»። «አ» በጠርሙሱ ጀርባ ዞራ ተደብቃ ነበር። በአማርኛ ክልከላው የሚመጣው ከቃሉ ፊት ነው። የግራ ጠርዝ አንድ ፊደል ከዋጠ ትእዛዙ ይገለበጣል። ስለዚህ በግራ ጠርዝ በ«ይ» ወይም በ«ት» የሚጀምር ቃል ባየህ ቁጥር ወደ ቀደመው ፎቶ ተመለስ።

ቁጥርም እንደዚሁ ነው። ጠርዝ ላይ ነጥብ ትጠፋለች። «በሄክታር 0.5 ሊትር» የሚለው «05» መስሎ ይታያል፤ አንዱ ተነሥቶ «5» ብሎ ቢያስተካክለው መጠኑ አሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። መጠን የያዘ መስመር ስትጨርስ ጠርሙሱን እጅህ ላይ ይዘህ ጮክ ብለህ አንብበውና ከተየብከው ጋር አመሳክረው።

ጠርሙሱ ከሌለና አንድ ፎቶ ብቻ በቴሌግራም ከደረሰህ፣ የዳሩን ቁራጭ ለይተህ ቆርጠህ ወደ ጎን እጥፍ ለጥጠው። የጠበበ ፊደል ትንሽ ይፈታል። የዞረና የተደበቀው ግን በምንም ዘዴ አይመጣም። እዚያ ቦታ ላይ [አይታይም] ብለህ ጻፍ፣ የተጠራጠርከውን ፊደል ደግሞ [?] አድርግበት። «እንዲህ መሆን አለበት» ብለህ አትሙላው። ለገበሬውም ጠርሙሱን ወይም ሌላ ፎቶ እንዲያመጣ ንገረው።

የሱቅ መስታወት ከዚህ ይቀላል፣ ምክንያቱም ጠፍጣፋ ነው። አራቱን ማዕዘን እየጎተተ የሚያቃና የስልክ ሰነድ ስካነር በጎን የተነሳውን ጽሑፍ ያስተካክልልሃል። ያው መሣሪያ ጠርሙስ ላይ አይሠራም፤ ጠርሙስ እኩል አይጨፈልቅም፣ ወደ ዳር በሄደ ቁጥር ይብሳል። መስታወቱ የመንገዱን ግርግር እያንጸባረቀ ካስቸገረህ ከኋላህ ጥቁር ጨርቅ የሚይዝልህ ሰው አቁም። በር ወይም የተሰቀለ ልብስ የሸፈነው ቃል ካለ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄደህ ሌላ ፎቶ ጨምር።