የቢሮ ኢሜይል ተጠልፎ ስፓም ሲልክ ታገደ፤ ጥያቄና መልስ

የሂሳብ ክፍላችን ኢሜይል ሌሊቱን ሙሉ ስፓም ሲልክ አደረ። ፓስወርድ ቀየርን፣ መላኩ ግን አልቆመም። ሰርቨሩ ፖስትፊክስ ነው።

ፓስወርድ መቀየር ወረፋ ውስጥ ያለውን አያቆምም። መጀመሪያ ሁሉንም ያዝ፣ አትሰርዝ፤ የደንበኞች ደብዳቤም አብሮ አለ።

```
postsuper -h ALL
```

ቀጥሎ ሌባውን ፈልግ። «ላኪ» የሚለውን አትመን፣ ያንን ማንም ይጽፈዋል። እውነተኛው ሎጉ ላይ ያለው የገባበት ስም ነው።

```
grep -o 'sasl_username=[^,]*' /var/log/mail.log | sort | uniq -c | sort -rn | head
```

አንድ መሥሪያ ቤት ላኪው «ሂሳብ» ስለሚል ልጅቷን ሊቀጧት ደርሰው ነበር። ሎጉን ስናይ 11,000 ጊዜ የገባው የስካነሩ አካውንት ነው። ቀጣዩ 60 እንኳ አይሞላም። የስካነሩ ፓስወርድ ደግሞ ራሱ ስሙ ነበር!

የተገኘውን አካውንት ዝጋ። ዶቭኮትም ፖስትፊክስም ሪስታርት ይደረጉ፤ ክፍት የቆየ ግንኙነት ካለ ይቆረጣል። ደብዳቤ ወደ ውጭ የሚያስተላልፍ ደንብ ሌባው ትቶ እንደሆነም እይ። ስፓሙን ለይተህ ከሰረዝክ በኋላ ብቻ የቀረውን በ `postsuper -H ALL` ልቀቅ።

ጋሼ፣ ኤስፒኤፍና ዲኪም ብናስገባ ይህ አይመጣም ነበር አይደል?

ይመጣ ነበር። ስፓሙ የወጣው ከራስህ ሰርቨር ነው፤ ሁለቱንም ያልፋል። አስገባቸው፣ ግን የሚጠቅሙት ሌላ ሰርቨር በስምህ ሲልክ ለመለየት ነው።

ስፓም ላኪ ሰርቨሮችን የሚመዘግበው የስፓምሃውስ ዝርዝር ውስጥ ገባን። አመልክተን ወጣን፣ በማግስቱ ተመልሰን ገባን።

ቀዳዳው ሳይደፈን አመለከታችኋል። ሎጉ ሁለት ቀን ጸጥ ካላለ አታመልክቱ። መጀመሪያ ሎግ!

አንድ አባል፦ ምን አደከማችሁ? አይፒውን ቀይሩትና ተገላገሉ። እኔ ዱባይ እንዲያ አድርጌ በአንድ ቀን ሠራ።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ጂሜይል እኮ ዶሜይኑንም ያያል። አዲስ አይፒ ታሪክ ስለሌለው እንዲያውም ይጠረጠራል።

የዱባዩ፦ የኔ ግን ሠራ!

ለአንተ ሠርቶ ይሆናል። ሌባው ውስጥ ካለ ግን አዲሱንም ያቆሽሸዋል።

እኔም ጂሜይሌ ውስጥ መግባት አልቻልኩም፣ ስልኬ ጠፍቶ...

ይህ ሌላ ጉዳይ ነው እህቴ። የጉግልን የአካውንት መመለሻ ገጽ ሞክሪ።

ሁሉን አጸዳን፣ ጂሜይል ግን አሁንም ስፓም ውስጥ ይጥለናል። የት እናመልክት?

እንደ ስፓምሃውስ «አውጡኝ» የሚባልበት ቦታ የለም። ጊዜ ነው። ሁልጊዜ ለሚመልሱላችሁ ደንበኞች ብቻ በጥቂቱ ላኩ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። የጅምላ ማስታወቂያ አሁን አይነካ። ፖስትማስተር ቱልስ ላይ የስፓም ቅሬታውን ተከታተሉ፤ ጉግል 0.3% እንዳይደርስ ይላል። በትንሽ ቁጥር ስትልኩ ግን ገጹ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ስንት ቀን ይፈጃል?

የስካነሩ ቤት ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል። የእናንተን አላውቅም።

ፓስወርድ ቀየርኩ፣ አሁንም እየላከ ነው። ምን ላድርግ?

ከላይ የመጀመሪያውን አንብብ!