የራውንዱ ቃል ቻርቱ ላይ ሲሰፍር፦ ጥያቄና መልስ

«ኖት ላይ ሰዓት የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጆቹ? ሁለቱም ቻርቱ ላይ ተደባልቀው አያለሁ።» (ኢንተርን፣ ልደታ)

ዋርዱ በአንድ አቆጣጠር ይስማማ፤ እኔ የ24 ሰዓቱን እመርጣለሁ፣ «3 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈውን አንዱ የጠዋት ሌላው የሌሊት አድርጎ ሊያነበው ይችላልና።

«ሲኒየሩ በአንድ አልጋ አጠገብ አንድ ደቂቃ እንኳ አይቆምም። ያለውን ሁሉ ጻፍኩ፤ ሬዚደንቷ ግን “ይህ የትእዛዝ ዝርዝር እንጂ ኖት አይደለም” ብላ መለሰችልኝ።» (ኢንተርን፣ አራት ኪሎ)

ሬዚደንቷ ትክክል ናት። ሲኒየር ሐኪም ራውንድ ላይ ሲናገር የሚሰማው ውሳኔው ብቻ ነው፤ ወደ ውሳኔው ያደረሰው ምክንያት ከእርሱ ጋር ወደሚቀጥለው አልጋ ይሄዳል። አሜሪካዊው ሐኪም ላውረንስ ዊድ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ መዝገቡ በታካሚው ችግሮች ዙሪያ እንዲደራጅ የጠየቁት፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ ከየትኛው ችግር እንደመጣ እንዲታይ ነው።

አንዲት የ34 ዓመት ታካሚ እናስብ። በሩማቲክ የልብ በሽታ ምክንያት ሚትራል ቫልቯ ጠቧል፣ ዲጎክሲን ትወስዳለች፤ የሳንባ ምች ይዟት ልቧ ደክሞ ከተኛች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሲኒየሩ «ላዚክሱ ይቀጥል፣ ክብደት ያዙ፣ ፖታሲየም ይደገም፣ አንቲባዮቲኩን ነገ እናያለን» ብሎ አለፈ።

ኖቱን ከመጀመርዎ በፊት ችግሮቿን በብጫቂ ወረቀት ላይ ይጻፉና እያንዳንዱን ትእዛዝ ከባለቤቱ ጋር ያገናኙ። ላዚክሱና ክብደቱ የልብ ድካሙ ናቸው፤ አንቲባዮቲኩ የሳንባ ምቹ ነው። ፖታሲየሙ ግን ባለቤት አጣ፤ በትናንቱ የችግር ዝርዝር ውስጥ የለምና። ላቦራቶሪውን ሲመለከቱ 3.1 ሆኖ ያገኙታል። እንግዲህ ሦስተኛ ችግር አለ ማለት ነው፦ ላዚክስ ያመጣው ሊሆን የሚችል የፖታሲየም ማነስ፣ ዲጎክሲን በምትወስድ ሴት ላይ፣ ይህም የልብ ምቷን ለማዛባት የተመቸ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ጉድለት ይታያል፤ ይደገም ተባለ እንጂ ይተካ ወይም አይተካ አልተባለም። ከራስዎ አይሙሉት፣ ባዶም አይተዉት፤ ሲኒየሩን ዛሬውኑ ጠይቀው ከእርሱ ጋር የተወሰነ መሆኑን ይጻፉ።

ከዚያ በኋላ አሰስመንቱ «የልብ ድካም» ብቻ ሆኖ አይቀርም። «የልብ ድካም፣ እየተሻላት ነው፤ ክብደቷ ከ54 ወደ 52.5 ኪሎ ወርዷል፣ በሳንባዋ የሚሰማው ክርክርታ ወደ ታችኛው ጫፍ ተወስኗል፣ የእግሯ እብጠት ግን ስላልጠፋ ላዚክስ 40 ሚሊግራም በደም ሥር በቀን ሁለት ጊዜ ይቀጥላል» ይሆናል። «ነገ እናያለን» የሚለውም ምን እንደሚታይ ሲኒየሩ ተጠይቆ፣ ለምሳሌ ትኩሳቷና በአፍ መውሰድ መቻሏ፣ ማን እንደሚያይና በስንት ሰዓት ተጨምሮ ይጻፋል።

ይህን የምለው ኢንተርን ሳለሁ «ፖታሲየም ይደገም» ብዬ ብቻ ስለጻፍኩ ነው። ውጤቱ ማታ መጣ፤ ተረኛው ሐኪም የዲጎክሲኑን ነገር ከኖቴ አላገኘም፣ ስለዚህ ለጠዋት አቆየው። ሌሊቱን የታካሚዋ የልብ ምት ተዛባ። ተርፋለች፤ እኔ ግን ያንን መስመር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«የኖቱን አራት ክፍሎች፣ የታካሚውን ቃል፣ የምርመራ ግኝቱን፣ አሰስመንቱንና ፕላኑን፣ ለእያንዳንዱ ችግር መደጋገም አለብኝ?» (ኢንተርን፣ ፒያሳ)

የለብዎትም። ታካሚዋ የተናገረችውና እርስዎ የለኩት አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ በችግር የሚከፋፈሉት አሰስመንቱና ፕላኑ ናቸው። ሆኖም የመጀመሪያው ክፍል የዛሬው ቃሏ ይሁን። ትናንት «ትንፋሽ አጥሮኛል» ያለችው ዛሬ በጀርባዋ ተንጋልላ መተኛት ከቻለች፣ የትናንቱን መገልበጥ ላዚክሱ እንዳልሠራ ያስመስላል።

«ፕላኑ ላይ “ኮንቲኒዩ ሴም” መጻፍ ይበቃል?» (ነርስ፣ ሜክሲኮ)

አይበቃም፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የሚሰጥበት መንገድና ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ይጻፍ። አንቲባዮቲክ ከሆነ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ አለመጻፍ መድኃኒቱን የሚያቆመው ሰው እንዲጠፋ ያደርጋል። እርስዎም ትእዛዙ ካልተብራራልዎት መልሰው ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።

«ያቺ 3.1 ፖታሲየም ያላት ታካሚ ስንት ይሰጣት? መጠኑን ብቻ ይንገሩኝ።» (ኢንተርን፣ ካዛንቺስ)

አልነግርዎትም፣ እባክዎ በዚህ አይዘኑብኝ። መጠኑ የሚወሰነው በኩላሊቷ ሥራ፣ በሽንቷ መጠን፣ በኢሲጂዋና በአፍ ወይም በደም ሥር በመሰጠቱ ነው፤ በደም ሥር በፍጥነት የገባ ፖታሲየም ልብን ሊያቆም ይችላል። ይህን ጽሑፍ አስቀምጠው ሬዚደንትዎን አሁን ይጥሩ፣ ክሊኒካል ፋርማሲስት ካለም ያስገቡ፤ የተወሰነውን መጠንና ፖታሲየሙ እንደገና የሚለካበትን ሰዓት በሦስተኛው ችግር ሥር ይጻፉ።