በትንሽ ገንዘብ መጀመሪያ ምን ይገዛ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቪዲዮ ልጀምር ነው። ስልክ አለኝ፤ ገንዘቤ ግን በጣም ትንሽ ነው። ምን ላስቀድም?

መልስ፦ የምታወራበት ቪዲዮ ከሆነ ማይክ። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፤ ንግግሩ ካልተሰማው ግን ጥሎ ይሄዳል። ገንዘብህን አሥር ቦታ ክፈለው። አምስቱ ደረት ላይ ለሚሰካ ባለ ገመድ ማይክ፣ ሦስቱ ለስልክ ማቆሚያ ይሁን። ሁለቱን አትንካቸው፤ አዳፕተር ሳያስፈልግህ አይቀርም። መብራት ይቆይ። ቀን ላይ ፊትህን ወደ መስኮት አዙረህ ቅረጽ። ማንኛውንም ዕቃ በራስህ ስልክ ሳትሞክር አትግዛ።

ጥያቄ፦ ማይኩን ገዝቼ ሰካሁት፤ ድምፄ ግን ያው እንደ ድሮው ነው። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ መሰኪያው ላይ ያሉትን ጥቁር ቀለበቶች ቁጠር። ለስልክ የሚሆነው ባለ ሦስቱ ነው። ሁለት ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ለካሜራ የተሠራ ነው፤ ስልኩ ስለማያውቀው በራሱ ማይክ ይቀዳል። እየቀዳህ የማይኩን ጫፍ በጥፍርህ ጫር ጫር አድርገው። መልሰህ ስትሰማው ጭረቱ ጎልቶ ካልወጣ፣ የቀዳው የስልኩ ማይክ ነው። ከሁለት ወደ ሦስት የሚቀይር አዳፕተር አለ። ስልክህ ክብ ቀዳዳ ከሌለው ግን ተጠንቀቅ፤ አንዳንዱ አዳፕተር ድምፅ ያወጣል እንጂ አያስገባም። አሁንም እላለሁ፣ ሳትሞክር አትግዛ።

ጥያቄ፦ ክፍሌ ያስተጋባል። ምን ይሻላል?

አንድ አባል፦ ውድ ማይክ ግዛ፣ ይገላግልሃል።

መልስ፦ ከፊት ያለውን ብቻ አጥርቶ የሚይዝ ማይክ ይረዳል፣ ልክ ነህ። ግን እሱም ከራቀ ዋጋ የለውም። ማይኩ ከአፍህ አንድ ስንዝር ላይ ይሁን። ወደ ሁለት ስንዝር ስታርቀው ድምፅህ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን እዚያው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አቅርበው። ከዚያ ብርድ ልብስና መጋረጃ ዙሪያህን ስቀል። ይህ ገንዘብ አያስወጣም።

ጥያቄ፦ የትኛው ካሜራ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለአሁኑ የስልክህ የኋላ ካሜራ። ቀጥሎ።

ሌላ አባል፦ እኔ ጥልፍ ነው የማሳየው። የሚታየው እጄ ብቻ ነው፣ አላወራምም። ማይክ ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ ለአንቺ ምንም። ስልኩን ከላይ ወደ ታች የሚይዝ ማቆሚያ አስቀድሚ።

ሌላ አባል፦ ኧረ መብራት ይቅደም! በጨለማ ክሩ በምን ይለያል? ስልኩን መጽሐፍ ደርድራ ታቆመዋለች።

ባለ ጥልፏ፦ መጽሐፉ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ክር በጎተትኩ ቁጥር ይነቃነቃል። ግን የምሠራው ማታ ማታ ነው።

መልስ፦ ማታ ከሆነ ነገሩ ያከራክራል። ቀን መቅረጽ ከቻልሽ በማቆሚያው እጸናለሁ።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ለሌለው ሰው ምን ትመክራለህ?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ። ከዚያ የምትሠራው ምን እንደሆነ፣ የት እንደምትቀርጽና ምን ስልክ እንዳለህ ጽፈህ ተመለስ።